«03 ቀበሌ ዜሮ ኪሎ ስኳር ደረሰው» ያለው ማን ነው?

በአገራችን መረጃ በአብዛኛው የሚዞረው በፎቶ ነው። የስኳር ድልድሉ፣ የማዳበሪያ ስርጭቱ፣ የእህል ዋጋው በወረቀት ታትሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አንዱ አላፊ በስልኩ ያነሳዋል፣ ወደ ቴሌግራም ይልከዋል፣ ከዚያ ከእንጅባራ ዳንግላ፣ ከዳንግላ ባሕር ዳር ሲዞር ይውላል። እኛ ጋ ሲደርስ የማኅተሙ ግማሽ ተቆርጧል፣ አንዱ ጥግ ጨልሟል፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል።

አሁን አሁን ደግሞ እነዚህን ፎቶዎች እየሰበሰቡ ወደ ትንሽ ዳታቤዝ የሚገለብጡ ሰዎች በዝተዋል። የሠፈር ወጣቶች አሉ፣ የሸማቾች ማኅበር ሒሳብ ያዦች አሉ፣ እንደኔ ያለ ተቀጣሪ ያልሆነ ጋዜጠኛም አለ። ነገሩ ጥሩ ነው። አንድ ፎቶ አንድ ወር ብቻ ነው የሚያሳየው፤ አሥራ ሁለቱ ወር በአንድ ሰንጠረዥ ሲቀመጥ ግን ማን እንደተዘለለ፣ ዋጋው መቼ እንደዘለለ መጠየቅ ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሲገለብጥ 6ን 8 ብሎ መጻፍን ነው። እኔ ግን የባሰው ስህተት የሚሠራው አንድም ቁጥር ሳይጻፍ በፊት ነው እላለሁ። ሰንጠረዡን ስንፈጥር ለዳታቤዙ «ይህ ዓምድ ቁጥር ነው፣ ያ ዓምድ ጽሑፍ ነው» ብለን እንነግረዋለን። ቴክኒካዊ ዝርዝር ይመስላል። ግን ወረቀቱ ያላለውን ነገር ወረቀቱ እንዳለው አድርጎ የሚያስቀምጠው ይህ ውሳኔ ነው።

በምሳሌ እንየው። የአንድ ከተማ የስኳር ድልድል እንዲህ ተለጥፎ ፎቶው ደረሰን እንበል። ቁጥሮቹን ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ የየትኛውም ከተማ ሪፖርት አይደሉም።

```
ተ.ቁ  ቀበሌ  የተረከበበት ቀን  ስኳር(ኪ.ግ)  የኪሎ ዋጋ  ምርመራ
1    01    30/2/2017     1,240      92.50
2    02    1/3/2017      960        92.50
3    03                  -                    ሪፖርት አልደረሰም
4    04    3/3/2017      1,100      92.50
     ድምር                3,300
```

የምንጠቀመው ኤስኪውላይት ይሁን። ነጻ ነው፣ አንድ ፋይል ብቻ ነው፣ በፍላሽ ይዞራል፣ መብራት ቢጠፋ የሚቋረጥ ሰርቨር የለውም። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከሱ የሚሻል አላውቅም። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ በጣም ይሉኝተኛ ነው። የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል። ቁጥር ነው ባሉት ዓምድ ውስጥ ጽሑፍ ቢያስገቡበት፣ ካልነገሩት በስተቀር፣ አይከራከርም።

በቀበሌው እንጀምር። 01፣ 02፣ 03 በአኃዝ ስለተጻፈ አብዛኛው ሰው እጁ ሳያስበው INTEGER ይላል። ዳታቤዙም ታዝዞ 01ን 1 አድርጎ ያስቀምጣል፤ ለቁጥር ፊት ያለ ዜሮ ትርጉም የለውም። ያ 1 ኋላ ወደ ጽሑፍ ተቀይሮ፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው '01' ብሎ በጽሑፍ ካስገባው ሰንጠረዥ ጋር ሲያገናኙት '1' እና '01' አይተዋወቁም። መልሱ ባዶ ይመጣል፣ ቀበሌውም የጠፋ ይመስላል። እኔ የምጠቀመው መለኪያ አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ዓምድ እደምረዋለሁ? 01 ቀበሌ ሲደመር 02 ቀበሌ 03 ቀበሌ አይሆንም። የማይደመር ነገር በአኃዝ ቢጻፍም ስም ነው፤ ስለዚህ TEXT ይባላል። ስልክም እንዲሁ ነው። በ09 የሚጀምረውም ሆነ በ058 የሚጀምረው የአካባቢያችን መስመር ስልክ ቁጥር ከተባለ የፊቱ ዜሮ ይበላል።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፤ ከሌላ ቋንቋ የመጡ ፕሮግራመሮችም ይወድቁበታል። ጽሑፍ ለማለት STRING ብለው የሚጽፉ አሉ። ኤስኪውላይት STRING የሚባል ዓይነት አያውቅም። ግን ስህተት ነው አይልም፤ የማያውቀውን ስም እንደ ቁጥር ቆጥሮ ያልፈዋል። ስለዚህ STRING ባሉት ዓምድ ውስጥ '01' በጥቅስ ምልክት ታስሮ ቢገባም 1 ሆኖ ይቀመጣል። ትክክለኛው ቃል TEXT ነው። የጥቅስ ምልክቱም አይቀርም፤ ዓምዱ TEXT ሆኖ ሳለ ያለ ጥቅስ 01 ብትጽፉ መጀመሪያ 1 ይሆንና ከዚያ '1' ተብሎ ይጻፋል። ዓይነቱ ብቻውን አያድንም፣ ጥቅሱም ብቻውን አያድንም።

አሁን ወደ ስኳሩ እንሂድ፤ ጸብ የሚያመጣው እሱ ነውና። ኪሎ ይደመራል፣ ስለዚህ INTEGER ነው። በዚህ ሁላችንም እንስማማለን። ችግሩ ወረቀቱ ላይ 1,240 ተብሎ በነጠላ ሰረዝ መጻፉ ነው። ገልባጩ እንዳለ ያለ ጥቅስ 1,240 ብሎ ከጻፈው ዳታቤዙ ሰረዙን እንደ መለያ ቆጥሮ ሁለት እሴት ያየዋል፤ 1 እና 240። ያኔ የዓምዱና የእሴቱ ቁጥር አይመጣጠንም ብሎ ይቆማል። ይህ ደግ ስህተት ነው፤ ይጮሃል። ገልባጩ ግን ጩኸቱን ዝም ለማሰኘት '1,240' ብሎ በጥቅስ ያስረዋል። አሁን ዝም ይላል። ችግሩ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ምክንያቱም '1,240' ቁጥር አይመስልም፣ ስለዚህ በINTEGER ዓምድ ውስጥ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል። በዓይን ሲያዩት ምንም አይታወቅም። ድምር ሲጠይቁት ዳታቤዙ ከጽሑፉ ፊት ያገኘውን አኃዝ ብቻ ያነባል፤ ሰረዙ ላይ ሲደርስ ያቆማል። 1,240 አንድ ይሆናል፣ 1,100ም አንድ ይሆናል፣ ሰረዝ የሌለው 960 ብቻ ይተርፋል። የሦስት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎው ድምር 962 ሆኖ ይመጣል። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ቀይ መስመር የለም። እስቲ አስቡት፣ ይህን ቁጥር ይዞ «ከ3,300 ኪሎ ውስጥ 2,338ቱ የት ገባ?» ብሎ የሚለጥፍ ሰው አይጠፋም። ስኳሩ ግን የትም አልሄደም።

ሁሉንም TEXT አድርጎ ኋላ ማስተካከል ይሻላል የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም፤ ወረቀቱን እንዳለ ማቆየት ለምስክርነት ይጠቅማል። ግን ኪሎ TEXT ከሆነ አቀማመጡ እንደ ፊደል ተራ ይሆናል። ሰረዙን አውጥተን እንኳ ትልቁ ማን ነው ብንል መልሱ 960 ነው፣ 9 ከ1 በኋላ ይመጣልና። አራት ረድፍ ላለው ወረቀት እንዲህ ያለ ጣጣ አያስፈልግም። ለምስክርነት ፎቶው ራሱ ይቀመጥ።

ከሰረዙ የሚከፋው ደግሞ ጭረቱ ነው። 03 ቀበሌ ፊት ያለው ጭረት ምን ማለት ነው? ምርመራው ይነግረናል፦ ሪፖርት አልደረሰም። አልተቀበሉም አላለም። ሳይቀበሉ ቀርተው ሊሆን ይችላል፣ ተቀብለው ወረቀቱ ዘግይቶም ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ አላውቅም ነው ያለው። በዳታቤዝ ቋንቋ «አላውቅም» የሚባልበት ቃል አለ፤ NULL ይባላል። ዜሮ አይደለም፣ ባዶ ጥቅስም አይደለም፣ ጭረትም አይደለም።

ልዩነቱ በሒሳቡ ይታያል። NULL ካስገባን የአማካዩ ስሌት 03ን ይተወዋል፤ 3,300 ለሦስት ተካፍሎ 1,100 ይሆናል። ዜሮ ካስገባን ለአራት ይካፈልና 825 ይመጣል። '-' ወይም '' ብለን በጥቅስ ካስገባንም ኤስኪውላይት እንደ ዜሮ ይቆጥረውና ለአራት ያካፍላል። አማካዩ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ፣ ዜሮ ያስገባው ሰው «03 ቀበሌ ምንም ስኳር አልደረሰውም» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፏል። ይህ ክስ ነው። ወረቀቱ አልከሰሰም፣ ሪፖርት አድራጊውም አልከሰሰም፤ ክሱን የጻፈው ገልባጩ ነው። በማግስቱ ያ ቁጥር በካርታ ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ የቀበሌው ሰው ይቆጣል፣ አስተዳደሩም ያስተባብላል። ምክንያቱም NOT NULL DEFAULT 0 የሚል ከሌላ ቦታ የተቀዳ መስመር ነው። ይህችን መስመር ከመጠን፣ ከገንዘብና ከሕዝብ ቁጥር ዓምዶች ላይ አጥፉልኝ።

እንግዲህ ሰንጠረዡን እኔ የምፈጥረው እንዲህ ነው፦

```sql
CREATE TABLE sukar (
  tera    INTEGER PRIMARY KEY,
  kebele  TEXT NOT NULL CHECK (length(kebele) = 2),
  qen_et  TEXT,
  kilo    INTEGER,
  santim  INTEGER,
  mirmera TEXT,
  foto    TEXT
) STRICT;
```

```sql
INSERT INTO sukar VALUES
 (1,'01','2017-02-30',1240,9250,NULL,'sukar1.jpg'),
 (2,'02','2017-03-01',960,9250,NULL,'sukar1.jpg'),
 (3,'03',NULL,NULL,NULL,'ሪፖርት አልደረሰም','sukar1.jpg'),
 (4,'04','2017-03-03',1100,9250,NULL,'sukar1.jpg');
```

መጨረሻ ላይ ያለችው STRICT ይሉኝታውን የምታስቀር ቃል ናት። ከስሪት 3.37 ጀምሮ (በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው) ትሠራለች። እሷ ካለች '1,240' ሲገባ ዳታቤዙ በINTEGER ዓምድ ውስጥ ጽሑፍ አላስቀምጥም ብሎ ይመልሰዋል። STRING ብለው ቢጽፉም ይህን ዓይነት አላውቅም ይላል። የቆየ ስሪት ላይ ያለ ሰው ቃሏን አጥፍቶ ካስገባ በኋላ በዚህ ይመርምር፦

```sql
SELECT kebele, kilo, typeof(kilo) FROM sukar;
```

ከ1,240 አጠገብ integer ሳይሆን text የሚል ካነበባችሁ ነገሩ ተበላሽቷል።

የኪሎ ዋጋውን በሳንቲም ማስቀመጤ ያስገረማችሁ ካላችሁ ምክንያቱ አጭር ነው። REAL የሚባለው ዓይነት አሥረኛ ክፍልፋዮችን በትክክል መያዝ አይችልም፤ 0.1 ሲደመር 0.2 ከ0.3 ጋር እኩል ነው ወይ ብትሉት አይደለም ይላል። ለአንድ ወረቀት ልዩነቱ አይታይም፣ ለዓመት ሒሳብ ግን ሳንቲም ሲጎድል ማስረዳት ይከብዳል። 9250 ሳንቲም ብሎ ማስቀመጥና ሲያሳዩ ለመቶ ማካፈል ይቀላል።

ቀኑ ግን ሰፋ ብሎ መታየት አለበት፤ እኛን ብቻ የሚመለከት ችግር ነውና የሌላ አገር መማሪያ አያስተምረንም። ወረቀቱ 30/2/2017 ይላል፤ ጥቅምት 30 ማለት ነው። ይህን የቀን ቅደም ተከተሉ DMY በሆነ ፖስትግሬስ ውስጥ DATE በሚባል ዓምድ ልታስገቡ ብትሞክሩ የካቲት... ይቅርታ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የላትም ብሎ ይመልሳችኋል። 1/3/2017ን ግን፣ ማለትም ኅዳር 1ን፣ በደስታ ይቀበላል፤ ማርች 1 ቀን 2017 አድርጎ። ኅዳር 1 ቀን 2017 በፈረንጁ ኖቬምበር 10 ቀን 2024 ነው። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ አንዱ ረድፍ ይመለሳል፣ ሌላው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ተገፍቶ ይገባል። የሚመለሰው አይደለም የሚያስፈራው፤ የሚገባው ነው። ገልባጩ የተመለሰውን አንዱን ረድፍ 28 አድርጎ «ሲያስተካክል» ደግሞ ጥፋቱ ሁለት ይሆናል። ጳጉሜንን አታንሱት፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚያውቅ DATE የለም። ኤስኪውላይትን date('2016-13-05') ብላችሁ ብትጠይቁት NULL ይላችኋል።

የአገው ፈረሰኞችን በዓል ቀን የያዘ ሰንጠረዥ ብንሠራ ነገሩ ይበልጥ ይታያል። በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ነው፣ በኛ አቆጣጠር አይነቃነቅም። በፈረንጁ ግን የ2016ቱ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ሲውል የ2017ቱ ጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ነው፤ ከጳጉሜን 6 በኋላ የሚመጣው ዓመት አንድ ቀን ይገፋልና። ስለዚህ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ደምሮ ቀኑን በግምት ማዛወር አይሠራም። ቀኑን TEXT አድርጉት፣ ዓመት-ወር-ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ ወሩና ቀኑ ሁልጊዜ ሁለት አኃዝ ይሁኑ፣ የዓምዱ ስምም የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይናገር። እንዲህ ከተጻፈ በፊደል ተራ ሲደረደር በጊዜ ተራም ይደረደራል፤ ጳጉሜንም 13 ሆና መጨረሻ ቦታዋን ትይዛለች። የፈረንጁ ቀን የሚያስፈልግ ከሆነ ሌላ ዓምድ ጨምሮ በትክክለኛ መቀየሪያ መሙላት ነው።

ቀኑን በጥቅስ ማሰር የረሳ ሰው ደግሞ የሚያስቅ ነገር ይገጥመዋል። 2017-05-23 ያለ ጥቅስ መቀነስ ነው። ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ሲቀነስ አምስት፣ ሲቀነስ ሃያ ሦስት፤ 1989። ይባስ ብሎ መልሱ ዓመት ይመስላል! (23/5/2017 ደግሞ ማካፈል ሆኖ ዜሮ ይሰጣል፤ እሱ እንኳ ያስነቃል።)

ዓመት ብቻ የያዘ ዓምድም ከዚህ አያመልጥም። የአዊ ዞንን የሕዝብ ቁጥር ከቆጠራ ሰንጠረዥ ፎቶ የሚገለብጥ ሰው 1999 የሚል ዓመት ያገኛል፤ በፈረንጁ 2007 ማለት ነው። ከሱ በፊት የነበረው ቆጠራ 1987 ወይም 1994 ነው፣ እንደ አቆጣጠሩ። አማርኛውን ሰንጠረዥና እንግሊዝኛውን ሰንጠረዥ በአንድ amet ዓምድ ያዋሐደ ሰው 1987፣ 1994፣ 1999፣ 2007 የሚሉ አራት ቆጠራዎች ይኖሩታል። አገሪቱ ግን በእነዚያ ዓመታት የቆጠረችው ሁለቴ ነው። INTEGER ትክክለኛ ዓይነት ነው፤ ስሙ ግን amet_et ወይም amet_gr ካልሆነ ዓይነቱ ምንም አላዳነም።

ያው ሰንጠረዥ ሌላም ነገር ያስተምራል። በ1999ኙ ቆጠራ አዊ ዞን 491,865 ወንድና 491,077 ሴት፣ በድምሩ 982,942 ሕዝብ ነበረው። የቆዳ ስፋቱ 9,148.43 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥግግቱ 107.44 ተብሎ ተቀምጧል። አራት ዓምድ ለመገልበጥ አትቸኩሉ። ድምሩም ጥግግቱም ከሌሎቹ የሚሰላ ነው፤ ዓምድ ካደረጋችኋቸው አንዱ ሲታረም ሌላው ሳይታረም ይቀራል። አታስገቧቸው፤ ግን አትጣሏቸውም። ወንድና ሴት ደምሩና ከወረቀቱ ድምር ጋር አስተያዩ። በደበዘዘው ፎቶ ላይ 491,077ን 491,011 ብላችሁ አንብባችሁት ከሆነ 66 ሰው ይጎድልና ወዲያው ትነቃላችሁ። ስፋቱ እውነተኛ ክፍልፋይ ያለው ልኬት ስለሆነ REAL ይስማማዋል፤ እዚህ ሳንቲም የሚጠይቅ የለም።

የስኳሩም «ድምር» የሚለው ረድፍ እንዲሁ ነው። እንደ አምስተኛ ቀበሌ ተቆጥሮ ሲገባ አይቻለሁ፤ ያኔ ጠቅላላው እጥፍ ይሆናል። ከላይ ባለው ሰንጠረዥ length(kebele) = 2 ያልኩት ለዚህም ነው፤ «ድምር» ሦስት ፊደል ናትና በሩ ላይ ትመለሳለች። '1' ብሎ የመጣውም እንዲሁ።

ስለ ስሞች አንድ ነገር ብዬ ልተው። ዳንግላ አንዱ ወረቀት ላይ ዳንጊላ ነው፣ እንጅባራ እንጂባራ ነው፣ የቆየ ወረቀት ላይ ደግሞ ኮሶበር። ለኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለTEXT ሁለትና ሦስት ከተማ ነው። ለከተሞቹ ትንሽ የብቻ ሰንጠረዥ ሠርቶ፣ ለያንዳንዱ አንድ መለያ ሰጥቶ፣ በሌላው ሁሉ መለያውን መጠቀም ይሻላል። የወረቀቱን አጻጻፍ ማቆየት የፈለገ በምርመራ ዓምድ ይጻፈው።

ሁሉም ከገባ በኋላ ይህችን አስሩ፦

```sql
SELECT count(*), count(kilo), sum(kilo), avg(kilo)
FROM sukar;
```

4፣ 3፣ 3300፣ 1100.0 ከመጣ አራት ረድፍ አለ፣ ሦስቱ መጠን አላቸው፣ ድምሩ ከወረቀቱ ጋር ገጥሟል። ሁለተኛው ቁጥር 4 ከሆነ አንድ ሰው ጭረቷን ወደ ቁጥር ወይም ወደ ጥቅስ ቀይሯታል ማለት ነው፤ ተመልሳችሁ 03ን እዩ። 3 ከሆነ ደግሞ ስልክ አንስታችሁ 03 ቀበሌን ጠይቁ፤ ተቀብለዋል ወይስ አልተቀበሉም።